«ሳለ» ስንት ቃል ነው?

«ሳለ» የሚለውን ቃል ብቻውን ጽፌ ባሳያችሁ መጀመሪያ ምን ይመጣላችኋል? ለአንዱ ሥዕል ነው። ለሌላው ቢላዋ። ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ሰው ደግሞ ደረቱን የሚያስጨንቀው ሳል ትዝ ይለዋል። ሁሉም ልክ ናቸው። ልጁ ዛፍ ሳለ። ባለ ሉካንዳው ቢላዋውን ሳለ። ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሳለ። ጆሮ አይለያቸውም። ዛሬ ዛሬ ዓይንም አይለያቸውም፤ ሁሉንም በአንድ «ሰ» የሚጽፈው በዝቷል።

ታዲያ «ሳለ» ሦስት ፍቺ ያለው አንድ ቃል ነው? ወይስ ድምፃቸው የገጠመ ሦስት ቃላት ናቸው?

ይህ ጥያቄ ሥራ ፈት ሰው የሚያነሳው ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጅማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ለእነሱ የሚሆን አነስተኛ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀን ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለን። «ሳለ» ላይ ስንደርስ ስንት ካርድ እናውጣ የሚለው ጥያቄ መጣ። መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ አይችልም፤ ወረቀቱ ላይ አንዱን መርጦ መጻፍ አለበት።

የቋንቋ ምሁራን ሁለቱን ነገሮች በሁለት ስም ይጠሯቸዋል። አንድ ቃል ተያያዥ የሆኑ ብዙ ፍቺዎች ሲኖሩት ፖሊሴሚ ይሉታል። የማይዛመዱ ቃላት በድምፅ ወይም በጽሕፈት ሲገጣጠሙ ደግሞ ሆሞኒሚ ነው። በመዝገበ ቃላት ልምድ የመጀመሪያው በአንድ መግቢያ ሥር ይቀመጣል፤ ፍቺዎቹ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ይዘረዘራሉ። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ቃል የራሱ መግቢያ ይሰጠዋል። መግቢያ የምለው ቃሉ በደማቅ ፊደል ተጽፎ ፍቺው የሚጀምርበትን ቦታ ነው።

ጉዳዩ ለተማሪ ምን እንደሚያመጣ ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። በምንባቡ ውስጥ «አያቷ ሌሊቱን ሲስሉ አደሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሽማግሌው ሠዓሊ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ቃሉን ፈልጎ አግኝቷል። መጀመሪያ ያገኘው ፍቺ «ሥዕል ሠራ» የሚል ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ መግቢያ ሥር ሲታጨቅ አንባቢ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ ይሄዳል። የቀሩትም የእሱ ዘመዶች ይመስሉታል። ልጁ ሳልን ከሥዕል ጋር ለማገናኘት ቢሞክር አይፈረድበትም፤ ገጹ «ተዛማጅ ናቸው» ብሎታል።

ስለዚህ መለያ ፍለጋ ገባን።

መጀመሪያ የሞከርነው መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚታወቀውን ፈተና ነው። ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመህ ሁለቱን ፍቺ አንድ ላይ አሠራው። «ከድር ቢላዋና ድመት ሳለ» በል። ጆሮ ይቆረቁራል፤ ሰውም ይስቃል። እንግዲህ ቢላዋ መሳልና ድመት መሳል ሁለት ነገር ናቸው ማለት ነው። ጥሩ። ግን ያው ፈተና «ቆረጠ» ላይ ምን እንደሚያመጣ ተመልከቱ። «አስቴር ሥጋና ትኬት ቆረጠች።» ይህም ያስቃል። ነገር ግን «ቆረጠ» ሁለት ቃል ነው የሚል ሰው አላገኘሁም። ትኬት መጀመሪያውኑ ከጥራዝ ላይ ተቆርጦ የሚሰጥ ወረቀት ነው። መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ይህ ፈተና የሚለየው ፍቺን ከፍቺ ነው። ቃልን ከቃል አይለይም። «ሥጋና ትኬት» ቢያስቅህ፣ «ቆረጠ» ሁለት የተለያዩ ፍቺዎች እንዳሉት አወቅህ። ፍቺዎቹ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ባዕዳን የሚለውን ገና አልጠየቅህም። አንድ መግቢያ ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ትርጉምም እንደዚሁ ያታልላል። ጅማ ውስጥ ሁላችንም ሳናስበው የምንጠቀምበት መለኪያ ነው። አንድ ባልደረባዬ «በአፋን ኦሮሞ ሦስት ቃል ከሆነ በአማርኛም ሦስት ነው» አለ። እውነትም ማሳል «ቁፋኡ» ነው፤ ቢላዋ መሳል «ቀሩ» ነው። ለሥዕል ደግሞ ሌላ አባባል አለ። የሚያሳምን ይመስላል። ግን «ጥላ»ን ውሰዱ። የዛፍ ጥላ «ጋዲሳ» ነው፤ በዝናብ የምንይዘው ጥላ «ዲባቤ» ይባላል። የአማርኛው «ጥላ» በዚህ ምክንያት ሁለት ቃል ይሆናል? አይሆንም። ፀሐይን የሚከልል ነገር ጥላ ነው፤ በእጅ የሚያዘውም ፀሐይን ስለሚከልል ጥላ ተባለ። ዝናቡ በኋላ የተጨመረ ሥራ ነው። የሌላ ቋንቋ አከፋፈል የዚያን ቋንቋ ልማድ ይነግረናል። የአማርኛን ቃል ዝምድና አይፈርድልንም።

ከዚያ ወደ ፍቺ መንገድ ሄድን። ማለትም ከአንዱ ፍቺ ወደ ሌላው በእግር የሚያስኬድ ድልድይ አለ ወይ ብለን ጠየቅን። «ቡና» ላይ ይህ በጣም ቀላል ነው። ቡናው አበበ ስንል ዛፉ ነው። ቡና ለቀማ ስንል ፍሬው። ቡና ቆላች ስንል የደረቀው ፍሬ። ቡና ቅጂልን ስንል መጠጡ። ጎረቤትን «ቡና ጠጡ» ብሎ መጥራት ደግሞ ጨዋታውንም ይጨምራል። ማንም እነዚህን በአምስት መግቢያ አይከፍላቸውም። እንዲያውም ሁሉንም በቁጥር መዘርዘርም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ዛፉንም ፍሬውንም በአንድ ስም መጥራት ለብርቱካንም፣ ለማንጎም፣ ለአቮካዶም የሚሠራ ልማድ ነው። አንባቢ ራሱ ይደርስበታል። የማይደርስበት «ቡና ቤት» ነው። ቢራ የሚጠጣበት ቤት ለምን ቡና ቤት እንደተባለ ከ«ቡና»ና ከ«ቤት» ፍቺ ብቻ አይገመትም። ስለዚህ የራሱ መግቢያ አግኝቷል።

«ሳለ» ላይ ግን የፍቺ መንገድ ጉድ ሠራን። ሳልን ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኝ ነገር ማንም አላገኘም። ሥዕልና ስለት ግን? አንዲት መምህርት «ለምን አይገናኙም?» አለች። «ሠዓሊ መጀመሪያ እርሳሱን ይስላል። ከዚያ ሥዕሉን ይስላል። በሾለ ነገር መጫር ነው ሁለቱም።» ዝም አልን። ያምራል። ልጅ የሚያስታውሰው ማብራሪያም ነው።

የፍቺ መንገድ አደጋው ይኸው ነው። ሰው ድልድይ መሥራት ይችልበታል። ሁለት ነገር በአንድ ስም ከተጠራ አእምሯችን ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ምክንያት ይፈጥርለታል። እንግሊዝኛ ውስጥ ጆሮም «ኢር» ነው፤ አንድ ራስ በቆሎም «ኢር» ይባላል። ብዙ ተናጋሪዎች በቆሎው ከአገዳው ላይ እንደ ጆሮ ስለሚወጣ ነው ይላሉ። በታሪክ ግን ሁለቱ የተለያዩ ጥንታዊ ቃላት ነበሩ፤ ድምፃቸው በጊዜ ብዛት ተቀራርቦ አንድ ሆነ። ጆሮውና በቆሎው የተዛመዱት በተናጋሪው ልብ ውስጥ ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ የጥንቱን ማን ይመሰክራል? ግዕዝ።

አማርኛ በአፍ ሲነገር ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ሆነዋል። ሰና ሠም፣ አና ዐም እንዲሁ። በጥንቱ ግዕዝ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ ነበረው። «ሳለ»ን ይዘን ወደዚያ ስንመለስ አንድ ሳይሆን ብዙ በር ይከፈታል። ሥዕል የሠራው «ሠዐለ» ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ። ያሳለው «ሰዐለ» ነው፤ በእሳቱ ሰ። ቢላዋ ያሾለው «ሰሐለ» ነው፤ መካከሉ ላይ ሐመሩ ሐ አለው። በጉሮሮ የሚነገሩት ፊደላት በአማርኛ ሲጠፉ አናባቢያቸው ተዋጠና ሦስቱም «ሳለ» ላይ ተገናኙ። በጥንት ሦስት ቤት የነበራቸው ሰዎች በአንድ በር መግባት ጀመሩ እንደማለት ነው።

ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ማስረጃ አይደለም። ትግርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ስላልጣለ ማሳል «ሰዓለ»፣ ቢላዋ መሳል «ሰሓለ» ብሎ እስከ ዛሬ ይለያቸዋል። እዚሁ ጅማ ደግሞ ቁርአን ቤት ያደገ ባልደረባ አለን። የግዕዙን ዝርዝር ሳነብለት «ቆይ ቆይ» አለኝ። በዐረብኛ «ሰአለ» ጠየቀ ማለት ነው፤ «ሰዐለ» ደግሞ አሳለው ማለት ነው። አንዱ በሐምዛ፣ ሌላው በዐይን። ሁለቱን በአፉ እየለየ ሲላቸው ሁላችንም ልዩነቱን ሰማነው። አማርኛ የጣለውን ድምፅ ጎረቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይናገረዋል።

እሱ ያነሳው «ሰአለ» አራተኛውን በር ከፈተልን። በግዕዝም «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለውን ጸሎት ያስታውሷል፤ «ቅድስት ሆይ ለምኝልን» ነው። በሠዓሊው ፊደል «ሠዓሊ ለነ» ብሎ የጻፈው ሰው ግን «ሥዕል የሚሥልልን» የሚመስል ነገር ጻፈ። ከዚሁ «ሰአለ» የመጣው «ስእለት» አማርኛ ውስጥ «ስለት» ሆኗል። «ለልጇ ጤና ተሳለች» የምንለው ይህን ነው። በሌላ በኩል «ስለት ያለው ቢላዋ» እንላለን። ያኛው ከ«ሰሐለ» ነው። ስለትና ስለት በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው አይተዋወቁም።

የጥንቶቹ የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ እነ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ፣ ቃላትን በሥረ ቃላቸው ያደራጁ ስለነበር የፊደሉን ልዩነት በጥንቃቄ ይዘውታል። ለእነሱ «ሠዐለ»ና «ሰሐለ» መጀመሪያውኑ አንድ ቦታ አይውሉም። ተደጋጋሚ የሚባሉትን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ዘመናዊ መዝገበ ቃላት ግን ይህን ምስክር ያጣል። በኮምፒውተር አማርኛ የሚፈልጉ ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ይቀይራሉ። ለፍለጋ ይጠቅማል፤ የማንኛውም ሰው አጻጻፍ ይገኛል። ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ግን ዋናው መረጃ ከመጀመሪያው ተሰርዞ ይቀርብለታል። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ተማሪ እንደፈለገ ይጻፍ፤ መዝገበ ቃላቱ ግን ጥንቱን በቅንፍ ማስቀመጥ አለበት።

ይህን ካልኩ በኋላ ታሪክን ብቻ ተከትለን መሄድ የማንችልበትን ምክንያትም መናገር አለብኝ። ወደ ኋላ ምን ያህል እንሂድ? ስለ ሆሞኒሚ ስንማር ሁልጊዜ የሚቀርብልን ምሳሌ የእንግሊዝኛው «ባንክ» ነው። ገንዘብ የሚቀመጥበት አለ፤ የወንዝ ዳርም አለ። ሁለት ቃል ናቸው ተብለን ተምረናል። ነገር ግን የገንዘቡ ባንክ በጣልያንኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው ገንዘብ መንዛሪዎች የሚሠሩበት አግዳሚ ጠረጴዛ ነው። ያም ቃል በተራው ከጥንት ጀርመናዊ ቋንቋ የተወሰደ ነው። የወንዙም ባንክ ሥሩ እዚያው ነው። ብዙ ወደ ኋላ ከተሄደ ሁለቱ ይገናኛሉ። ያም ሆኖ መዝገበ ቃላት ሁለት መግቢያ ይሰጣቸዋል። ቃሎቹ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት በተለያየ መንገድ ነው፤ ዛሬም የሚያያይዛቸው ተናጋሪ የለም።

ስለዚህ ትላልቆቹ መዝገበ ቃላት እንኳ አንድ ሕግ የላቸውም። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በቃሉ ታሪክ ይከፍላል፤ ፍቺዎቹንም ቀድሞ ከታየው ጀምሮ ይደረድራል። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮቢልድ የተባለው ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ደግሞ ታሪኩን ወደ ጎን ትቶ አንድ ዓይነት የተጻፈውን በአንድ መግቢያ ሥር ሰበሰበ። ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። ተማሪ ቃሉን ገና አያውቀውም፤ የትኛው ቁጥር ጋ እንደሚሄድ በምን ያውቃል? ሁሉንም አንድ ቦታ ያግኝ የሚል ሐሳብ ነው። ግን የእኔ ተማሪ ሽማግሌውን ሠዓሊ ያደረጋቸው እንዲህ ያለ አንድ ቦታ ላይ ነው። ለአማርኛ አይሆንም ብዬ የደመደምኩት ለዚህ ነው።

አማርኛ ሌላ ምስክር ስላለው ነው እንዲህ የምለው። ቃሎቻችን ይወልዳሉ። ግስ ስም ይወልዳል፣ ቅጽል ይወልዳል፣ የመሣሪያ ስም ይወልዳል። «ሳለ» በግስነቱ ሲረባ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ይስላል፣ ስሎ፣ መሳል። ከዚያ ምንም አይገኝም። ልጆቻቸውን ስትጠይቁ ግን ነገሩ ይለያል። የሥዕሉ ሳለ «ሥዕል» እና «ሠዓሊ» ወለደ። የቢላዋው «ስል» እና «ስለት» ወለደ። የሕመሙ «ሳል» ወለደ። አንዱ የሌላውን ልጅ አይጋራም። «ስል ሥዕል» ማለት የተሳለ ሥዕል ማለት አይሆንም። ከዚህም በላይ ሥዕል ይሳላል፣ ቢላዋ ይሳላል፤ ሳል ግን አይሳልም። ሲያመን የምንለው «ያስለኛል» ነው። ይህን ለማየት ግዕዝ ማወቅ አያስፈልግም። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሊያደርገው ይችላል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ፈተና ለብዙ ጊዜ ረክቼ ነበር። ያናወጠኝ «ቀረጸ» ነው።

የጅማ እንጨት ሥራ የታወቀ ነው። በርጩማ የሚሠሩ ሰዎች እንጨት ይቀርጻሉ። ተማሪ እርሳስ ይቀርጻል። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን ይቀረጻል። ሥርዓተ ትምህርት ይቀረጻል፤ የልጅ ጠባይም ይቀረጻል። ልጆቹን እንይ። «ቅርጽ» የመልክ ነው። «ቅርጻ ቅርጽ» የሐውልት ነው። «መቅረጫ» ስንል የእርሳሱ ትዝ ይለናል። «ቀረጻ» ብንል ደግሞ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያስበው ድምፅና ፊልም ነው። «ዛሬ ቀረጻ አለኝ» ያለ ሰው እንጨት ሊጠርብ አይሄድም። እያንዳንዱ ፍቺ የራሱን ልጅ ይዟል። የልጆቹ ፈተና ብቻ ቢፈርድ «ቀረጸ» አራት ቃል ሊሆን ነው።

ነገር ግን አይደለም። ግዕዙ አንድ «ቀረጸ» ነው፤ የሚመሰክረውም ሌላ ፊደል የለም። የፍቺው መንገድም ማንም ሊፈጥረው የማይገደድ ግልጽ መንገድ ነው። በጠንካራ ነገር ላይ ምልክት ማውጣት፤ ከዚያ በማይዳሰስ ነገር ላይ እንዳይጠፋ አድርጎ ማስቀረት። ልጆቹም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም። «ቅርጽ» ለእንጨቱም ለሥርዓተ ትምህርቱም ያገለግላል። «መቅረጸ ድምፅ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለቱን ዓለም በአንድ ስም ያገናኛል። የ«ሳለ» ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ድልድይ የለም። አሁን የልጆቹን ፈተና የምጠቀመው እንዲህ ነው፦ የተለያዩ ልጆች መኖራቸው አይበቃም፤ በመካከላቸው የሚያገናኝ ልጅ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

አንድ ቀን ግን «ቀረጻ» ከ«ቅርጽ» ጨርሶ ሊለያይ ይችላል። እንጨት የሚቀርጽ ሰው ያላየ ትውልድ ዘፈን መቅረጽንና በርጩማ መቅረጽን እንደ «ሳለ»ዎቹ የተገጣጠሙ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ፖሊሴሚ በጊዜ ብዛት ወደ ሆሞኒሚ ይሻገራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን ማስቆም አይችልም፤ የሚሠራው ለዛሬ ተናጋሪ ነው። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የማይስማሙትም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ግማሽ መንገድ የሄደ ቃል ላይ አንዱ መነሻውን ያያል፤ ሌላው መድረሻውን።

በነገራችን ላይ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማይገቡ፣ ግን ተማሪ የሚያደናግሩ ቃላት አሉ። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ «ዋናው መሥሪያ ቤት» ነው። እነዚህን የሚያመሳስላቸው ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ ብቻ ነው። አፍ ይለያቸዋል። ያለ ክርክር ሁለት መግቢያ ይሰጣቸዋል፤ ከቃሉ አጠገብም «ይጠብቃል» ወይም «ይላላል» ተብሎ ይጻፋል። «በቅሎ» ደግሞ እንስሳውም ነው፤ «ዘሩ በቅሎ አገኘነው» የምንለውም ነው። ይህ ግን የመዝገበ ቃላት ራስ ምታት አይደለም። ሁለተኛው «በቀለ» ሥር ስለሚገኝ ገጹ ላይ አይገናኙም።

ወደ «ሳለ» ልመለስና የደረስንበትን ላሳያችሁ። ካርዶቹ አሁን እንዲህ ናቸው።

ሳለ 1 (ጥንት፦ ሰዐለ)። ከጉሮሮ ወይም ከደረት በድምፅ ትንፋሽ አወጣ። «ሌሊቱን ሲስሉ አደሩ።» ሳል፤ ያስለዋል።

ሳለ 2 (ጥንት፦ ሠዐለ)። 1. በመስመርና በቀለም የነገርን መልክ አወጣ። 2. በቃል ወይም በሐሳብ አሳየ፤ «መንደሩን በዓይነ ሕሊናው ሳለው።» ሥዕል፤ ሠዓሊ።

ሳለ 3 (ጥንት፦ ሰሐለ)። የብረትን አፍ አሾለ። «ቢላዋውን በሞረድ ሳለ።» ስል፤ ስለት 1።

ሳልን አንደኛ ያደረግነው በእድሜው ወይም በክብሩ አይደለም። ተማሪ ሲያነብ የሚደናቀፍበት እሱ ስለሆነ ነው። የቀለሙና የሐሳቡ ሥዕል አንድ ካርድ ላይ ናቸው፤ ምክንያቱም «ደራሲው ፊቷንም ጠባይዋንም ሳላት» ቢባል ማንም አይስቅም። «ልጅ ሳለ» የሚለው «ሳለ» ደግሞ ከነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይደለም። እሱ «አለ» ላይ «ስ» ተጨምሮ የመጣ ነው፤ ስለዚህ «አለን ተመልከት» የሚል አንድ መስመር ብቻ አግኝቷል።

ያከራከረን የለመነው «ሰአለ» ነው። የሥር ሥርዓትን የሚወዱት ባልደረቦቼ «ሳለ 4» ይሁን አሉ። እኔ አልተስማማሁም። በአማርኛ ስለት የገባ ሰው «ሳለ» አይባልም፤ «ተሳለ» ነው የሚባለው። ማንም በሕይወት ያለ ተናጋሪ የማይለውን ቃል መግቢያ አድርጎ መስጠት ተማሪውን የሌለ ቦታ መላክ ነው። በመጨረሻ «ተሳለ» ላይ ሁለት መግቢያ አደረግን። አንዱ ለስለት የገባው፤ ሌላው ወደ ሳለ 2 እና ሳለ 3 የሚመራ። «ስለት»ም ሁለት ሆነ፤ የብረቱ 1፣ የጸሎቱ 2። «ቀረጸ» ግን በአንድ መግቢያ ሥር በአራት ፍቺ ተቀምጧል። «ቀረጻ» የራሱን መስመር ይዞ፣ ከጎኑ ወደ «ቀረጸ» የሚያሳይ ቀስት አለው።